«ባለቤትዎ» ያልኩበት መልእክት

አክስቴ ያሳደገችኝ ከአቀስታ ወዲያ፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። እናቴ ስትሞት ገና መራመዴ ነበር አሉ። እቴቴ እያልኩ አንቺ እላታለሁ። ባሏን ደግሞ አባባ እያልኩ አንቱ እላቸዋለሁ። በእኛ ቤት ደንቡ እንዲያ ነበር። እናት አንቺ ትባላለች፣ አባት አንቱ ይባላሉ፤ ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም።

አባባ ሲያርፉ እኔ መካነ ሰላም አራስ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን፣ ሴት፣ ከወለድኩ ሳምንት አልሞላኝም። አማቴ ሬሳው ከተቀበረ በኋላ ነው የነገሩኝ። ነገሩኝና ወዲያው እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

«እንዳታለቅሺ፤ ወተቱ ይደርቃል። ለልጅቱ ስትዪ ቻይው» አሉኝ።

ስልኬንም ወሰዱት፤ ደውዬ ከእቴቴ ጋር እንዳልላቀስ ፈርተው ነው። ማታ ባሌ ሲገባ መልሶ ሰጠኝና «መደወሉ ይቅር፣ ጻፊላት» አለኝ። እቴቴ ማንበብ አትችልም፤ የአክስቴ ልጅ ግን አጠገቧ ነበረች። ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት አልፏታል፤ መልእክቱን የምታነብላት እሷ ናት።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት ክፍል ነው። የደብዳቤ ሰው ነኝ። ዘመድ የሞተበት ባልደረባ ሲኖር የሐዘን መግለጫውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ያን ማታ ራሴ ይዞረኛል፣ ጡቴ አብጧል፣ አባባን ሳስብ ደግሞ የጻፍኩትን መልሼ አጠፋለሁ። ስልኬ ላይ ለአንድ ባልደረባችን የላክነው መግለጫ ነበር። ገልብጬ፣ ስሙን አውጥቼ፣ ላክሁት።

«በባለቤትዎ ድንገተኛ ሞት የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽሁ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ መጽናናትን እመኛለሁ።»

ድንገተኛ እንኳን አልነበረም። አባባ ክረምቱን ሙሉ ታመው ነው የሞቱት።

በማግሥቱ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ድንኳን ውስጥ ነው ያነበብኩት» አለችኝ። «ከመካነ ሰላም መልእክት መጣ ሲባል ሰዉ ዝም አለ። እማዬም ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች።»

«እና ምን አለች?»

«መጀመሪያ ‹ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?› አለች። ካንቺ ነው ስላት ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ ጣለች። ጎረቤታችን ሐጂ ነገሩን ለማለፍ ብለው ‹ያው ጽፋለች፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ› አሏት። እሷ ግን ‹ባለቤትዎ አለችኝ። የእሷስ አባት አልነበረም?› አለች።»

ልጅቱ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ከአልጋው ወርጄ የምገባበት ጠፋኝ። እቴቴን ስጪኝ አልኳት። ስልኩ ሲቀባበል የድንኳኑ ጫጫታ ተሰማኝ፤ ከዚያ እሷ መጣች።

«እንደምን አሉ? በሰላም ተገላገሉ?» አለችኝ።

ሳቅ የለበትም፣ ቁጣም የለበትም። እንደ እንግዳ ነው ያናገረችኝ።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አወቅሁዎ። እግዜር ይስጥልኝ ስላሰቡን» አለችና ስልኩን ለልጇ መለሰች።

የሕይወቴን ግማሽ አንቱታ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አክብሮት ነው ብዬ ነው የማውቀው። ያሳደገችኝ ሴት በሰው ፊት እርስዎ መባሏ ከቤቷ እንዳስወጣኋት እንደሚቆጠር ያን ቀን ገባኝ። ጆሮዬ ጋለ። አማቴ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ጡቴን አመመኝ ብዬ ዋሸኋቸው።

የአክስቴ ልጅ «ሌላ ጻፊ፣ እኔ አነብላታለሁ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ጻፍኩ። አሁን ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስሸሽ ሌላ ገደል ገባሁ። «አንጀቴ ተቆረጠ፣ ወገቤ ተሰበረ፣ ቤታችን ፈረሰ፣ ዋርካችን ወደቀ፣ ነፍሱን ይማረው እቴቴ» እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። እንዲህ አልቅሼ የማላውቅ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ለአክስቴ ልጅ ብቻ ላክሁት፤ እንድታየው።

ብዙም ሳይቆይ ደወለች። «ይሄን አላነብላትም» አለችኝ። «ድንኳኑ አልቃሽ ሞልቶታል። ደግሞ ነፍሱን ትያለሽ። አባባን እሱ ብለሻቸው ታውቂያለሽ?»

«ለእቴቴ አንቺ እያልኩ ስጽፍ አብሮ ወረደብኝ።»

«እሷ አንቺ ናት፣ እሳቸው እሳቸው ናቸው። ደግሞ መምጣት እንዳልቻልሽ አንድም ቦታ የለም። የምትፈልገው እሱን ነው። ለምን እንደቀረሽ አታውቅም እኮ።»

እውነቷን ነው። ሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ እኔ የለሁም። ሰው ሲቀበር ለምን ቀረች ለሚል አንድም ቃል አላስቀመጥኩም። ወለደች መባሉን ሰምታለች፤ ሞቱን ደብቀውኝ እንደነበር ግን ማንም አልነገራትም። ለካ ቀብሩን እያወቅኩ ቃል እንኳ ሳልልክ የቀረሁ መስሏት ነው የሰነበተችው።

ሦስተኛውን ስጽፍ አፌን ከፍቼ እየተናገርኩ ነው፤ ፊቴ የተቀመጠች አስመስዬ። ከአፌ የማይወጣውን ቃል ሁሉ አጠፋሁ። ጥልቅ ሐዘን ጠፋ። መጽናናትን እመኛለሁ የሚለው ያጥናሽ ሆነ። ባለቤትዎ የሚለው አባባ ሆነ።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ። አባባን ሳልቀብራቸው ቀረሁ። አራስ ናት ብለው ደብቀውኝ፣ አፈር ከለበሱ በኋላ ነው የሰማሁ። እንዳላለቅስም ከለከሉኝ። ያን የመጀመሪያውን ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ገልብጬ ነው የላክሁልሽ፤ አፈርኩ፣ ይቅር በይኝ። አባባን ነፍሳቸውን ይማርልን። አንቺን እግዜር ያጥናሽ። እህል ቅመሺ፣ ባዶ ሆድሽን አትዋይ። ክርስትናዋ እንዳለፈ ልጅቷን ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያ አብሽሪ።»

«አፈርኩ» የሚለውን ላጥፋው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ድንኳን ውስጥ ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ አውቃለሁ። ተውኩት።

የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ደብቀውኝ የሚለው ላይ ስትደርስ እቴቴ ማልቀስ ጀመረች። «ልጄን ደብቀዋት ነው፣ ልጄን» እያለች ዙሪያዋ ላሉት ነገረቻቸው። ሁለቴ አስነበበቻት። ከዚያ እህል ይምጣልሽ ሲሏት እሺ አለች።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ ሄድኩ። እስከ አቀስታ በሚኒባስ፣ ከዚያ ልጄን አዝዬ በእግሬ። እቴቴ ከደጅ ተቀበለችኝ፣ አንገቴን ይዛ አለቀሰች፣ አንቺ እያለች ወቀሰችኝ። ልጅቷን ተቀብላኝ ከነጠላዋ ስር አስገባቻት። ስለ መልእክቱ አንዲትም ነገር አላነሳችም።

ሌሎቹ ግን አልረሱትም። ውሃ ላመጣ ስወርድ፣ ድንኳን ውስጥ የነበሩ ሁለት ሴቶች ከምንጩ ዳር ልብስ ያጥባሉ። አንደኛዋ ብድግ ብላ፣ በእድሜ እናቴ የምትሆን ሴት፣ «እንዴት ዋሉ?» አለችኝ። አንቱ ያለችኝ ከልቧ ትሁን በመልእክቴ ታሹፍብኝ አልለየሁም። አይነሡ፣ በሞቴ ይቀመጡ አልኳትና ውሃውን ሳልሞላ ጀሪካኑን ይዤ ብዙ ቆምኩ። አንገቴን ደፍቼ ነበር።