«የዳዊት አባት» ብዬ ልጣራ

ደሴ

ወደ ቆቦ የወረድኩት ለልጄ ለሰላም ሠርግ ጤፍ ልገዛ ነው። ደስ ብሎኝ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ገና ከመናኸሪያው ሳልወጣ ከፋኝ። ባለቤቴ ባዶ ጆንያዎቹን በአውቶቡሱ መስኮት እያቀበለኝ፣ «የሰላም እናት፣ ቆላው ፀሐይ እንዳይመታሽ» አለኝ።

እኔ የዳዊት እናት ነኝ! እኛ ዘንድ ባልና ሚስት በሰው ፊት በስም አይጠራሩም። ስንጋባ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «ስሚ እስቲ» ስንባባል ከረምን። የበኩር ልጃችን ዳዊት ሲወለድ እሱ የዳዊት አባት፣ እኔ የዳዊት እናት ሆንን። ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ በዚሁ ጠሩን።

ከዚያ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ዳዊትን ወሰዱት። የተመለሰልን ልብሱ ብቻ ነው፤ ማልቀስም ተከለከልን። ባለቤቴ በዚያው ሰሞን የዳዊትን ታናሽ አስቀድሞ «የሰላም እናት» ይለኝ ጀመር። ለቀሩት ልጆች ፈርቶ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቄም ግን ተናደድኩ።

መንገድ

ወልድያ ላይ ሽሮ በላን። ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወርደው ፈተሹን፣ የይለፍ ወረቀታችንንም አገላብጠው አዩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሮቢት ስንደርስ ማሽላው ግራ ቀኙን ይዞታል፣ እኔም ሹራቤን አወለቅሁ።

አጠገቤ ወደ ዋጃ የሚሄዱ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። በትግርኛ እሷ «ኣቦ ግደይ» ትለዋለች፣ እሱ «ኣደ ግደይ» ይላታል። አባቱና እናቱ ማለታቸው ነው፤ ግደይ የተባለው ልጃቸው ገና ጡት ይጠባል።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምትባባሉት?» አልኳት።

«ከተወለደ ጀምሮ። በፊትማ ስጠራው አፍር ነበር» አለችኝ በአማርኛ፣ እየሳቀች። ቀናሁባት።

ቆቦ

ያረፍኩት ከደንበኞቻችን ከአቶ ሰይድና ከወይዘሮ ዘሃራ ቤት ነው፤ ጤፍ ነጋዴዎች ናቸው። የበኩር ልጃቸው ከድር ጫካ ገብቷል ተብሎ ይወራል። እራት ላይ ዘሃራ የሆነውን ነገረችኝ። የቀበሌው ሰው ጠርቷቸው፣ «የወንበዴ ስም ገበያ መሃል አይነሳም፤ ጓድ ሰይድ፣ ጓድ ዘሃራ ተባባሉ» ብሏቸዋል። እንቢ ካሉ የንግድ ፈቃዳቸውን እንደሚቀማ ነግሯቸዋል።

«እና ምን አልሽው?»

«ወላሂ፣ እኔ ከጓድ ጋር ልጅ አልወለድኩም አልኩት።»

አቶ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። «ነገ ገበያ ላይ ዝም በይ። ካስፈለገሽ በእጅሽ ጥሪኝ» አሏት።

«በእጄ የምጠራው በግ ነው» አለች። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም።

በነጋታው እህል ተራው ጢም ብሏል። ነጩ ጤፍ ከደሴው በጣም ይረክሳል፤ ሁለት ጆንያ አስሞላሁ። የቀበሌው ሰው ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ዳር ላይ ቆሟል። አቶ ሰይድ ከገበያው ማዶ ከአሞሌ ሻጮቹ ጋር ነበሩ። ጆንያዎቹን የሚያነሳ ሲጠፋ ዘሃራ የቀበሌውን ሰው አየችው፣ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች፣ ተነሳች።

«የከድር አባት! የከድር አባት፣ ወዲህ ይምጡ!»

ገበያተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አቶ ሰይድ አልዞሩም። ያኔ አሞሌ የሚሸጠው ትግሬ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ጮክ ብሎ፣ «ኣቦ ከድር፣ ይጠሩሃል» አላቸው። ከማሽላው በኩል አንድ የራያ ሽማግሌ ተቀበሉና አባትና እናት የሚለውን በኦሮምኛ አድርገው «አባ ከድር! ሃዳ ከድር እየጠራችህ ነው» አሉ። አንዲት ሌላ ሻጭም ደገመች። ከድር፣ ከድር ሲባል ገበያው ሞላ። የቀበሌው ሰው ማንን ይያዝ? ታጣቂዎቹም አብረው ያደጉት ከከድር ጋር ነው፤ መሬት መሬት ያያሉ።

አቶ ሰይድ ዞሩ። «መጣሁ፣ የከድር እናት» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ፣ ግን አሉት።

ፈቃዳቸው በዚያው ቀን ተቀማ። ስሰናበታት ዘሃራን «አልቆጨሽም?» አልኳት።

«ወረቀት ነው የወሰዱት» አለችኝ።

ደሴ

አውቶቡሱ ደሴ ሲገባ መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። ባለቤቴ ከቀበሌያችን ሰዎች ጋር ቆሞ ይጠብቀኛል። እነሱን ሳይ ፈራሁ፤ የዘሃራ ነጠላ ትዝ አለኝ። ከደረጃው ሳልወርድ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጣራሁ።

«የዳዊት አባት!»

ክው አለ። አብረውት የቆሙት ተያዩ። አንዱ «ማን አለች?» ሲል ሰማሁት።

«የዳዊት አባት፣ ጆንያዎቹን ተቀበለኝ እንጂ!»

ሰዎቹን ትቶ መጣ። የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸከመና፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ሳይጠርገው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እንኳን ደህና ገባሽ፣ የዳዊት እናት» አለኝ።