ከኪራዩ ላይ የሚቀነሰው

ሰበታ ያለው ቤት የአባቴ ነው፤ የወረስኩትም እኔ ነኝ። ባሌ ከገባበት ቀን ጀምሮ ግን ባለቤቱ እሱ፣ ጥገኛዋ እኔ ሆንን።

ከጓሮ የምናከራየው አንድ ክፍል አለ። ያን ሰሞን ተከራዩ ለቆ ባዶውን ከረመ። ባሌ ከስምንት ሺህ ብር በታች አላከራይም ብሏል፤ ለምን ቢባል ፉሪ አስፋልት ዳር ያለ ክፍል ስምንት ሺህ ሲባል ሰምቷል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ አሉ። የባዶው ክፍል ብስጭት የሚወጣው በእኔ ጀርባ ላይ ነበር። ቀበቶውን ከመፍታቱ በፊት ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርገዋል፣ እኔም ጎረቤት አይሰማም ብዬ በዚያው እጽናናለሁ። ሞኝ ነበርኩ።

በመጨረሻ አንድ ምራቃቸውን የዋጡ ሽማግሌ ደላላ ጠራ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አይተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«የፉሪውን ተወው» አሉት። «ስምንት ሺህ ተጠየቀበት እንጂ አልተከራየም፤ እስካሁን ባዶ ነው። ሰው ከፍሎ የሚኖርበትን እናወዳድር።»

ከኋላችን ባለው ግቢ የእኛን የሚያክል ክፍል በስድስት ሺህ ተይዟል። እዚያ የውሃ ታንከር አለ፣ እኛ ጋ የለም፤ አምስት መቶ ቀነሱ። እዚያ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ የእኛ የብቻ፤ አምስት መቶ መለሱ። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ያለው ደግሞ በአምስት ሺህ ሁለት መቶ ተከራይቷል። ውሃውም ሽንት ቤቱም እንደ እኛው ነው፣ ወለሉ ግን ሲሚንቶ፤ የእኛ ሴራሚክ ስለሆነ ሦስት መቶ ጨመሩ። ያኛው ከታክሲ ስለሚርቅም አምስት መቶ ጨመሩ።

«ታንከር አምስት መቶ ነው ያለዎት ማነው?» አለ ባሌ።

«ገበያው። በታንከር ብቻ የሚለያዩ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ያከራየሁት እኔ ነኝ፤ ልዩነታቸው ያው ነው። ሁለቱም መንገድ ስድስት ሺህ ላይ አደረሰን። የአንተን ግን ከአምስት በላይ አላስይዝልህም።»

«አንድ ሺው የት ገባ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩና አንገታቸውን ደፉ። «ያለፉት ሁለት ተከራዮችህ ሌላ ቤት እንድፈልግላቸው የመጡት እኔ ዘንድ ነው። የሚቀነሰው ለጩኸቱ ነው፤ ለሚስትህ ጩኸት።»

አንቱታው እዚያው ቀረ። «አንተ ምናባህ አገባህ!» ብሎ በኮሌታቸው ጎትቶ ግንባራቸውን ከብረት በሩ ጋር አላተመው። ደማቸው ነጭ ጋቢያቸው ላይ ወረደ። በሩን ከፍተው ሲወጡ እንኳ አልተራገሙም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የፊት ጥርሴን ያጣሁት ያን ቀን ነው። ደሜን እየዋጥኩ የማስበው ግን ስለ ጥርሴ አልነበረም። ገመናዬን ሸፍኜ የኖርኩ ሲመስለኝ ለካ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ዋጋ ቆርጦልኛል! መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ እንደ እሳት የሚፋጅ ንዴት ያዘኝ።

ባሌ ግን አንድ ሺውን አልረሳትም። በሌላ ደላላ አንዲት ነርስ አምጥቶ በስድስት ሺህ አስገባት፤ ስለ ጩኸቱ የነገራት የለም። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን መክፈቱን ትቶ ነጠላዬን ጠቅልሎ አፌ ውስጥ ይጎሰጉስብኝ ጀመር። «ተከራይ እንዳታባርሪብኝ» ይለኛል፣ እየረገጠኝ። እንዲህ ከቀጠለ እንደሚገድለኝ አወቅሁ፤ ያውም ድምፄ ሳይሰማ።

አንድ እሑድ ከሰዓት የጎን አጥንቴ ሲሰበር ተሰማኝ። ከግድግዳው ወዲያ ነርሷ ልብስ ታጥባለች፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። እኔን የሰማኝ ግን የለም። ነጠላውን ጎትቼ አወጣሁና ጮኽኩ። የአባቴ ቤት እስኪንቀጠቀጥ ጮኽኩ።

ነርሷ ዘነዘና ይዛ ገባች። ክንዱን በዘነዘናው አለችው፤ ደገመችው። ጎረቤት ግቢውን ሞላው፣ ፖሊስም መጥቶ ወሰደው።

በዋስ ሲወጣ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሳሎኔ ተቀምጠው «ቤትሽን አታፍርሺ፣ ይቅር በይውና ይመለስ» እያሉ ሲለምኑኝ ነርሷ ኪራይ ልትከፍል መጣች። ስድስት ሺህ ሰጠችኝ። አንድ ሺህ መለስኩላት።

«ምንድነው?» አለችኝ።

«ጩኸት እንዳለበት ሳይነገርሽ ነው የገባሽው። እንዲህ ያለ ቤት አምስት ነው።»

ብሩን ይዛ ቆመች፤ በበሩ በኩል ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። የሚሉትን ሰምታለች።

«ከመጪው ወር ጀምሮስ ስንት ልክፈል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

የተጠገነውን ጎኔን በእጄ ደግፌ፣ ሦስቱም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ስድስት» አልኳት።