የመሪጌታ መዳፍና የላፕቶፑ ቀስት

ኮምፒውተር ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባለቤቱን ነው። ላሊበላ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለችው ጠባብ የጥገናና የጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ «ምን ነካክተህበት ነው?» እያልኩ ሰው አሳቅቄአለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለነበርኩ ጠባዩ ለመደብኝ። ከዚህ ጠባዬ ያላቀቁኝ አንድ መሪጌታ ናቸው።

መሪጌታ ከአሸተን ማርያም በታች ካለ ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዳሉ። በወጣትነታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በመቃ ብዕር ዳዊትና ድርሳን ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወልድያ የምታስተምር ልጃቸው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ላከችላቸው። ላፕቶፑ ቀርፋፋ ስለነበር ፎርማት አድርጌ፣ አዲስ ዊንዶውስና የአማርኛ መጻፊያ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ይህን ነገር ያዙልኝ።

ላፕቶፑን የፈለጉት የመምህራቸውን ቅኔ ለመጻፍ ነበር። መምህራቸው ያረፉት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ቅኔያቸውን ደብተር ላይ ያሰፈረ የለም፤ አብረው የተማሩትም አንድ በአንድ አልፈዋል። የቀረው መሪጌታ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ብራና ላይ ያለ ፊደል አይተልቅም፤ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን የፈለጉትን ያህል ይተልቃል። «ብርሃኑ ሳያልቅብኝ ልጨርሰው» አሉኝ፤ ስለ ባትሪው የሚያወሩ መስሎኝ «ቻርጅ ያድርጉታ» ብዬ መለስኩላቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው መጡ።

«ልጄ፣ ይኸ ዕቃ ቃሌን ይወስድብኛል» አሉ። «እዚህ ስጽፍ እዚያ ላይ ሁኖ አገኘዋለሁ።»

ከፍቼ አየሁት። እውነትም ቅኔው ተደበላልቋል። በአንዱ ቅኔ መሐል የሌላው ቅኔ ቃል ገብቷል። አንዳንዱ ፊደልማ ለሁለት ተከፍሏል፤ በእኛ መጻፊያ ለአንድ ፊደል ሁለት ቁልፍ ይነካል አይደል? የመጀመሪያው ቁልፍ ያወጣው ሳድስ እዚህ ቀርቶ፣ ተከታዩ ሦስት መስመር ከፍ ብሎ ብቻውን ተገትሯል።

ይህን ችግር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከቁልፎቹ በታች ያለው ታችፓድ፣ የሚጽፈው ሰው መዳፍ ሲያርፍበት ጣት የነካው ይመስለዋል። ንክኪውን እንደ ክሊክ ይቆጥረዋል። ስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰው ቀስት በዚያች ሰዓት ያለችበት ቦታ ላይ፣ ፊደል የሚወጣበትን የምታሳየው የመጻፊያዋ ጭረት ዘልላ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ እዚያ ይገባል። ስለዚህ ፍርዴን ወዲያው ሰጠሁ።

«መሪጌታ፣ ጥፋቱ የእጅዎ ነው። መዳፍዎን አያሳርፉ፤ ከፍ አድርገው ይጻፉ።»

እጃቸውን አዩት። «ጸሐፊ እጁን ካላሳረፈ ይንቀጠቀጣል እኮ» አሉ። «እኛን ሲያስተምሩን መጀመሪያ ያስለመዱን እጅ ማሳረፍ ነው።»

«ይኸ ብራና አይደለም» አልኳቸው፤ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበር። ታችፓዱን ዘግቼ ማውስ ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ላፕቶፑንም እንደ ብራናው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የሚጽፉ፤ ማውስ የሚንሸራተትበት ጠረጴዛ የላቸውም። እሺ ብለው ሄዱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይተወዋል፣ ወይ ዕቃውን ይሰብረዋል። መሪጌታ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስሕተታቸውን ሲያጠኑ ሰንብተው መጡ። አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ቃል በጠፋባቸው ቁጥር ሁለት ነገር መዝግበዋል፦ ቃሉ የት እንደተገኘና፣ ቀስቷ የት እንደነበረች። እኔ ተምሬ ያወቅሁትን እሳቸው ተቀምጠው በማየት ብቻ ደርሰውበታል።

«ቃሉ ዝም ብሎ አይሄድም» አሉኝ። «ቀስቷ የተኛችበት ነው የሚሄድ። ስለዚህ እኔ ምን አደረግሁ? ከመጻፌ በፊት ወስጄ ከመጨረሻው መስመር ዝቅ፣ ወደ ቀኝ አስተኛታለሁ። ቢነካም የሚያደርሰኝ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ ነው። እኔም ያለሁት እዚያው ነው።»

ስንት የቢሮ ጸሐፊ ዓመት ሙሉ በዚህ ችግር ሲበሳጭ አይቻለሁ፤ አንድም እንዲህ ያለ ዘዴ የፈጠረ አላየሁም። ችግሩ ዘዴው ትዕግሥት ይፈልጋል። መዳፋቸው ቀስቷን በትንሽ በትንሹ ስለሚገፋት፣ በየሁለት ቃሉ መመለስ ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ግራ ኅዳግ ገፍተዋት፣ እዚያ ስትነካ መስመሩ በሙሉ ተመረጠ፤ ቀጥሎ የነኩት ፊደል መስመሩን ጠራርጎ አጠፋው። ያን መስመር ሁለት ቀን ካሰቡ በኋላ ነው መልሰው ያገኙት። ይህን ሲነግሩኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ወረደ።

«ብዙ ጊዜ ከጠፋብኝ ልመልሰው አልችልም። የማነበው እየቀነሰ ነው፤ የተደበላለቀውን ዛሬ ካላየሁት ነገ አላየውም። ከእኔ በኋላ ደግሞ የቱ ቃል የቱ ቅኔ ውስጥ እንደነበር የሚያውቅ የለም።»

በዚያች ሰዓት ጎናቸው አንድ አስጎብኚ ተቀምጦ የራሱን ላፕቶፕ ይመለከት ነበር። ሁለት ጣቱን ታችፓዱ ላይ አድርጎ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል። መሪጌታ ደካማ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ከዚያ የራሳቸውን ከፍተው በሁለት ጣት ሞከሩ። ገጹ አልነቃነቅ አለ።

«የኔው ምን ሁኖ ነው ሁለት ጣት የማያውቅ?» አሉ።

ቀለል ያለች ጥያቄ ናት። እኔ ግን ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ላፕቶፑን ተቀብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ማውስ የሚል አለ፤ ታችፓድ የሚል የለም። የዕቃዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ፤ እዚያም ታችፓዱ «ማውስ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ፎርማት ያደረግሁ ቀን ኔትወርክ አልነበረም። የታችፓዱን ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩንና ታችፓዱን የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ሳልጭን ቀስቷ ስትንቀሳቀስ አይቼ ብቻ «አለቀ» ብዬ አስረክቤአለሁ። ድራይቨሩ ሲጎድል ኮምፒውተሩ ታችፓዱን እንደ ተራ ማውስ ነው የሚቆጥረው። ሁለት ጣት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ መዳፍን ከጣት የሚለይበት መንገድም የለውም። የሚስተካከል ነገር ቢፈልጉ እንኳ ገጹ ራሱ የለም። ሳምንት ሙሉ የወቀስኩት መዳፍ አንዳች ጥፋት አልነበረበትም።

በጊዜው ጥፋቴን ደበቅሁ። «ላስተካክለው» ብቻ አልኩ። ከላፕቶፑ ጀርባ ሞዴሉን አንብቤ፣ ከአምራቹ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር አውርጄ ጫንኩ፤ አጥፍቼ ሳበራው ማስተካከያው ሁሉ መጣ። መዳፍ የሚለየውን ከፍ አደረግሁት። ለንክኪ ያለውን ንቃት ደግሞ ቀነስኩት። እየጻፉ ታችፓዱ እንዲዘጋ የሚያደርገውንም አበራሁ። ኮራ ብዬ አስረከብኳቸው።

አሁንም አልሆነም። አንደኛ፣ ንቃቱን በጣም ስለቀነስኩት የእሳቸውን ጣት መስማት ተወ፤ ብዕር ሲይዝ የኖረ ጣት ጫፉ ደረቅና ወፍራም ነው። ወደ መካከለኛ መለስኩት። ሁለተኛው የባሰ ነበር። እየጻፉ ታችፓዱን የሚዘጋው ማስተካከያ ቁልፍ ከተነካ በኋላ ለአፍታ ብቻ ነው የሚዘጋው፤ የተሠራው ያለማቋረጥ ለሚጽፍ ሰው ነው። መሪጌታ ግን አንድ ቃል ጽፈው፣ መዳፋቸውን አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የመምህራቸውን ድምፅ ይፈልጋሉ። እሳቸው ሲያስቡ ታችፓዱ ይነቃል።

ይህን ሳይ ነው ሥራዬን ከእሳቸው መማር እንዳለብኝ የገባኝ። ቁጭ ብዬ ሲጽፉ አየሁ፤ ሳላቋርጥ፣ ሳልመክር። እጃቸው አለማረፍ አይችልም፤ ቅኔውም ያለ ዝምታ አይመጣም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ዕቃው ነው። ታችፓዱን መታ ሲያደርጉት ክሊክ የሚያደርገውን አጠፋሁት፤ ክሊክ የፈለጉ ጊዜ ከሥሩ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ። እንግዲህ መዳፋቸው ቢነካው ቀስቷ ትንሽ ትንቀሳቀስ ይሆናል እንጂ መጻፊያዋ ጭረት ከቦታዋ አትነሳም። ይኸው ነው፤ ማስተካከያው ውስጥ አንዲት ምልክት የማንሳት ሥራ። ሁለት ጣታቸውን ገጠም አድርገው ሲከፍቱም ፊደሉ እንደሚተልቅ አሳየኋቸው። ፊደሉ እያደገ ሲመጣ «እሰይ! እሰይ!» እያሉ እንደ ሕፃን ሳቁ።

የቀረው የተደበላለቀውን ማቃናት ነበር። ለተከታታይ ቅዳሜዎች እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የባዕድ ቃል ሲመጣ እጃቸውን ያነሳሉ፤ «እሷ የዚህ አይደለችም፤ ለኪዳነ ምሕረት የተቀኙት ውስጥ ናት፣ ሁለተኛው ቤት» ይላሉ። ሄጄ ሳይ፣ እዚያ ክፍተቷ ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ እንኳ ሲሳሳቱ አላየሁም። እንደዚያ ያለ ጭንቅላት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

መጽሐፉ ባለቀ ቀን ክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ በመጽሐፉ መጨረሻ ለራሱ፣ ላስጻፈው፣ ብራናውን ለፋቀውም ምሕረት ይለምናል። እኔን ከብራና ፋቂው ቦታ ሊያስገቡኝ ነው። አላስቻለኝም።

«መሪጌታ፣ አይጻፉኝ» አልኩ። «ጥፋቱ ከመጀመሪያው የእኔ ነበር። ፎርማት ሳደርገው ድራይቨሩን ሳልጭን ነው የሰጠሁዎ። በእጅዎ ያመካኘሁት በከንቱ ነው።»

ፈገግ ብለው፣ «አውቄአለሁ» አሉ። «ብራና በደንብ ካልተፋቀ ቀለም ይፈስሳል፤ ጸሐፊ ገና ሲነካው ያውቀዋል። የዚያን ቀን ፊትህ ሲለወጥ አየሁ እኮ። ዓይኔ ያን ያህል አልጠፋም።»

«ታዲያ ለምን ይጽፉኛል?»

«ምሕረት የሚለመን ላጠፋ አይደለም ወይ? በል ስምህን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አመቻችተው፣ ፊደሉን በሁለት ጣት አተለቁና፣ ያን ደረቅ መዳፋቸውን ታችፓዱ ላይ ሙሉ በሙሉ አሳረፉ። ስሜን ፊደል በፊደል ጻፉት። ቀስቷ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ስሜ ከቦታው አልሄደም።