በአምስት መቶ በአምስት መቶ የጠፋው መዝገብ

ኢያቄም መጀመሪያ ያየው ማስመሪያዋን ነው። ጽገረዳ የእንጨት ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ አጋድማ ከሥሩ ያለውን ረድፍ ብቻ እያየች ትጽፋለች፤ አንዱን ስትጨርስ ማስመሪያውን ዝቅ ታደርጋለች። በልቡ ሳቀባት።

ካዛንቺስ ባለው የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ኮምፒውተር የነካችው ሃምሳ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው፤ ኤክሴልን ያስተማረቻት ልጇ ሲምረት ናት። ያንኑ ይዛ የስድስት ዓመቱን መዝገብ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ካርድ፣ በአራት ወር ብቻዋን ጻፈችው። ኢያቄም ደግሞ ያንን ሰንጠረዥ አንብቦ አዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ ስክሪፕት፣ አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በፓይተን ጻፈ። አንድ በአንድ እንዳይንቀራፈፍ ረድፎቹን አምስት መቶ አምስት መቶ አድርጎ ነው የሚልካቸው።

ሐሙስ ጠዋት ስክሪፕቱ «ተጠናቋል» አለ። ዳታቤዙ ውስጥ የተገኘው ግን ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ካርድ ብቻ ነበር።

«የቀረውስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደጉ።

«ስክሪፕቱ የተሰጠውን ነው የሚያስገባው» አለ ኢያቄም። «ኤክሴሉ ቆሻሻ ነው። ማለቴ፣ የተበላሸ ረድፍ ሞልቶበታል።»

አቶ ደጉ ወደ ጽገረዳ ዞሩ። «ኮንትራትሽ ነገ ያልቃል አይደል? በቃ፣ አላድሰውም። መጻፍ የሚችል ሰው እንፈልጋለን።»

አልለመነችም። «ያልገቡትን ረድፎች ቁጥር በዝርዝር አትምልኝ» አለችው ኢያቄምን። አትሞ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አጠገቡ ቆመች።

«እትዬ ጽገረዳ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ከሥራ ልወጣ ነው። እየው። ከአንድ ሺህ አንድ እስከ ሁለት ሺህ። ከሦስት ሺህ አንድ እስከ አራት ሺህ። ከሰባት ሺህ አምስት መቶ አንድ እስከ ስምንት ሺህ። የቀሩትም እንደዚሁ። ሰው ሲሳሳት እዚህም እዚያም ነው። እኔ አንድ ላይ ጀምሬ ዜሮ ላይ ልክ አቆማለሁ? እዚህ ቤት አምስት መቶ እየቆጠረ የሚሠራው ማነው?»

ኢያቄም ስክሪፕቱን ከፈተ። እዚያው ነበረች፣ በጥድፊያ የጻፋት መስመር፦ ስህተት ከመጣ ምንም ሳትናገር ወደ ቀጣዩ እለፍ። በአንድ መጥፎ ረድፍ ምክንያት ዳታቤዙ አምስት መቶውን በሙሉ መልሷል፤ ስክሪፕቱም ዝም ብሎ አልፏል። መስመሯን ሰርዞ ስህተቱን እንዲያሳየው አደረገና እንደገና አስነሳው።

ረድፍ 1372። ቀኑ 2011፣ ወሩ 13፣ ዕለቱ 3።

«ወር አሥራ ሦስት ምንድን ነው?»

«ጳጉሜ ሦስት። ሥራ ገብቼ ነበር። አንተ የት አገር ነው ያደግኸው?»

«እዚሁ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር» አለ ሳያስበው። ቀጥሎ ስህተት ያሳየው ረድፍ ሠላሳኛው ቀን፣ ሁለተኛው ወር ይላል። ጥቅምት ሠላሳ። ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ደግሞ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ሠላሳ አይደርስም።

ጽገረዳ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «እና የገቡት ሰባት ሺህ ምናምን ካርዶች፣ ምን ዓመት ተብለው ነው የገቡት?»

ኢያቄም ከገቡት አንዱን ከፈተ። የእኛ 2012 የፈረንጅ 2012 ሆኖ ነው የገባው። ዳታቤዙ የተቀበላቸው ሁሉ ስምንትና ሰባት ዓመት ወደኋላ ሄደዋል። የተመለሱት ካርዶች ይሻላሉ፤ እነሱ ቢያንስ አልዋሹም። ይህን ያየችው ስክሪፕት ጽፋ የማታውቅ ሴት መሆኗ አስደነቀው፤ አናደደውም።

ዳታቤዙን ባዶ አደረገው። እያንዳንዱ ቀን መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንዲለወጥ፣ የማይለወጥም ቀን ካለ ረድፉ ተለይቶ እንዲወጣ ጻፈ። ከአምስት መቶ አምስት መቶዎቹ ክፍሎች አንዱ ውድቅ ሲሆን ያ ክፍል ወደኋላ ይመለስና ረድፎቹ አንድ በአንድ ይሞከራሉ፤ እምቢ ያለው ብቻ ከነቁጥሩና ከነምክንያቱ ሌላ ፋይል ላይ ይመዘገባል። አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ገባ። ሁለት ቀረ። ሁለቱም ሠላሳ አንድ የተባለ ቀን ነበራቸው።

«እነዚህ የእኔ ናቸው» አለች ጽገረዳ። የወረቀቱን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዳ ሁለቱንም አረመች፤ ገቡ።

አቶ ደጉ ቁጥሩን አዩ። «ስለዚህ ስህተት ነበረብሽ።»

«ሁለት።»

«እና አራት ሺህ አምስት መቶውስ?»

ጽገረዳ ወደ ኢያቄም ዞረች። ጠበቀችው።

«ማለቴ» አለ፣ «የቀን አጻጻፍ ችግር ነበር።»

አቶ ደጉ ኮንትራቱን ለሦስት ወር ብቻ አድሰው ወረቀቱን ገፉላት። «ሁለተኛ እንዳይደገም» አሏት። ፈርማ ቦርሳዋን አነሳች።

ኢያቄም በር ላይ ደረሰባት። «እትዬ ጽገረዳ፣ እስከ ታክሲው ልሸኝዎት።»

«ያቺን መስመር ማን እንደጻፋት ነገ ጠዋት ትነግራቸዋለህ። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። መሸኘቱን ተወው።»

መልስ አልጠበቀችም። በባምቢስ ሱፐርማርኬት በኩል፣ ታክሲ በሚጠብቀው ሰው መሀል፣ ወደ ቂርቆስ አቅጣጫ በእግሯ ሄደች።