ለፍቼ የተጠየቀ ፈቃድ

በሲዳማ ዋና ከተማ፣ ፒያሳ ውስጥ አንድ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ነበር፤ እዚያ ተቀጥሬ የሰው ደብዳቤ እተይብ ነበር። መቀመጫዬ በሩ አጠገብ ስለነበር በአንድ ዓይኔ የኮምፒውተሩን ገጽ፣ በሌላው መንገዱን አያለሁ። ግጥም መጻፍ የጀመርኩትም እዚያው ነው። ማንም አላስተማረኝም። በየቀኑ የሚበላሸው ወረቀት ጀርባው ነጭ ነበር፤ ነጭ ነገር ሲያዩ ዝም ማለት ደግሞ ለእኔ ከባድ ነው። የቤቱን ባለቤት ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። በእጄ እስክሪብቶ ባዩ ቁጥር፣ «ገጣሚው፣ ደንበኛ ቆሟል! ግጥምህ አያረጅም፣ ደንበኛ ግን ይሄዳል» ይሉኛል።

ከሚመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ የሚገርመኝ የፈቃድ መጠየቂያ ነበር። ሥራ ለማግኘት የሚያመለክት ሰው ራሱን ያሞግሳል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ግን ራሱን ይከስሳል። አንዲት መምህርት የእህቷን ሠርግ ምክንያት አድርጋ ስትጽፍ፣ ሙሽራው ከየት እንደሆነና ሽማግሌዎቹ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ሁሉ ዘርዝራ፣ የምትሄድበትን ቀን ስትደርስ «ሰሞኑን ለጥቂት ቀናት» ብላ አለፈችው። ስልክ ቁጥር የሚያስጽፍ ሰውማ አልነበረም ማለት ይቻላል። «እኔ ላርፍ ነው የምሄደው፤ ሊጠሩኝ ነው እንዴ?» ይሉና ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሳቄ ዕድሜ የአንድ ጤና ጣቢያ ንብረት ጠባቂ እስኪመጣ ድረስ ነበር።

ሰኔ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የሚመጣበት ወቅት። ረጅም ቀጭን ሰው ነው፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ያዥ። ከተጣጠፈ ፌስታል ውስጥ በእጁ የጻፈውን ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠኝ። በሁለቱም ገጽ የተሞላ ነው። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቀኑ ያልታወቀ ስለሆነ ተመልሷል» የሚል አለበት።

«ወንድሜ፣ በእጅ ስለተጻፈ ይሆናል የናቁት። በኮምፒውተር አሳምርልኝ» አለኝ። አማርኛው የሲዳማ ለዛ ነበረው፤ ቃላቱን እንደ ዕቃ አንድ በአንድ እያስቀመጠ ነው የሚናገረው።

አነበብኩት። አባቱ አርጅተዋል፤ ያለ ሰው ድጋፍ ከመኝታቸው አይነሱም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዋዜማ ቤተሰቡ ከለምለም እንጨት በተሠራው ቅስት በር፣ በሁሉቃው ሥር ሲያልፍ የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ የዘንድሮው ግን የመጨረሻቸው ሊሆን ይችላል። ደግፎ ይዟቸው ማለፍ ያለበት ደግሞ የበኩር ልጃቸው፣ እሱ ነው። አምና ፈቃዱ ስላልተፈቀደለት የታናሽ ወንድሙ እጅ ነው የደገፋቸው። አባትየው በሁሉቃው ሥር አልፈው ዘወር ብለው፣ «ትልቁስ?» ብለው ጠየቁ። ይህን ሁሉ ለጤና ጣቢያው ጽፎታል። ልጅ ሳለ አባቱ በትከሻቸው ተሸክመው ወንዝ እንዳሻገሩት፣ ሐኪም እንዲሆን ፈልገው መጋዘን ጠባቂ ሲሆን እንኳ «መድኃኒት ዘንድ ደርሰሃል» እንዳሉት፣ በሥራው ላይ አንድ ቀን አርፍዶ እንደማያውቅ፣ አርፍዶ ከሆነም ይቅርታ እንደሚጠይቅ። ሲያበቃም፦ «ስለዚህ ለፍቼ በዓል ሰሞን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት። እኔ በዚያ ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

«ትንሽ ብናሳጥረው?» አልኩት።

«አንድ ቃል እንዳትነካ! የምታወጣው አባቴን ነው።»

«ቀኑንስ?»

የማላውቀውን ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የፍቼን ቀን የሚያውቁት ከዋክብትን የሚመለከቱ ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ አይተው፣ ተመካክረው፣ በገበያ ሲያስነግሩ ሕዝቡ ይሰማል። ከዚያ በፊት ቀኑን በወረቀት ላይ መጻፍ ሽማግሌዎቹን መቅደም ነው። «እኔ ማነኝና?» አለ።

እንዳለ ተየብኩለት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ያው ወረቀት፣ ያው ቀይ እስክሪብቶ። በዚህኛው ላይ ደግሞ «የሚተካው ሠራተኛ አልተገለጸም» የሚል ተጨምሮበታል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «አባቴ ዘንድሮም ‹ትልቁስ?› ሊል ነው» ብቻ አለ።

ሐጂ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ሆነው፣ «ደብዳቤህን የምትመልሰው ኃላፊህ ልብ የላትም እንዴ?» አሉ።

ያቺ ሴትዮ በዚያው ሰዓት ትመጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የጤና ጣቢያው የሰው ሀብት ኃላፊ ነበረች፤ ለበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ የሚሆኑ ቅጾች ልታስባዛ ነው የመጣችው። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ የምትገባ ሴት። ንብረት ጠባቂው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አንተ ደግሞ እዚህ ነህ?» አለችው። «ሦስተኛ ልታስተይብ?»

«እርስዎ ካልፈቀዱ ምን ላድርግ?»

«እኔ መች ከለከልኩህ!» ቅጾቹን ለሐጂ ሰጥታ ወንበር ሳበች። «ና ቁጭ በል። እስቲ ልጠይቅህ፤ ያ ሁሉ ታሪክ ለምንድን ነው?»

«እንዲያዝኑልኝ ነዋ።»

«አዝኜልሃለሁ። ማታ ለባለቤቴ ሁሉ ነግሬዋለሁ። ግን የዓመት ፈቃድ በሐዘኔታ አይሰጥም፤ መብትህ ነው። ሠርተህበታል። ስትለምነኝ እኮ እኔም የምቸርህ ይመስለኛል፤ ያ ለሁለታችንም ጥሩ አይደለም።» እጇን በወረቀቱ ላይ አደረገች። «እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቆጠራው እየመጣ ነው። የክትባቱ ማቀዝቀዣ በአንተ እጅ ነው። ‹ሰሞኑን› ብለህ ሄደህ ቆጣሪዎቹ ቢመጡ ማን ይከፍትላቸዋል? መብራት ቢጠፋ ማን ጋ እደውላለሁ? ይኸው ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህ እነዚህን አልነገርከኝም።»

«የፍቼን ቀን ግን እኔ…»

«የፍቼን ቀን ማን ጠየቀህ? እሱ የሽማግሌዎቹ ነው። እኔ የጠየቅሁህ አንተ ወንበርህ ላይ የማትገኝበትን ቀን ነው።»

የፎቶ ኮፒው ማሽን ብቻ ይጮኻል። ንብረት ጠባቂው ንግግሯን ሁለተኛ ጊዜ በውስጡ ሲሰማው ከፊቱ ይታይ ነበር።

«በገበያ ሲነገር ወዲያው ይደውሉልኛል» አለ በመጨረሻ።

«በቃ፣ በተደወለልህ ዕለት ማመልከቻውን አምጣ። የምትሄድበት፣ የምታበቃበት፣ ሥራ የምትገባበት ቀን። የሚተካህ ሰው። የምትገኝበት ስልክ። ከዚያ በላይ አንድ መስመር ብትጽፍ እመልስልሃለሁ!»

«ስልክ አባቴ ቤት አይሠራም። ኔትወርክ የለም።»

ሐጂ መሐል ገቡ። «ልጄ፣ ሱቅ የሌለበት አገር የለም! ከመኪና የምትወርድበት ቦታ ላይ ባለሱቅ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ የሱን ስልክ ጻፍ። ልጅ ልኮ ያስጠራሃል፤ አንተም ስትመለስ ስኳርህን ከሱ ትገዛለህ።»

ኃላፊዋ ሳቀች። ሰውየውም ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው።

የገበያው ወሬ የደረሰው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። እየሮጠ ነበር የመጣው፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። «ተነገረ!» አለኝ ገና ከመንገዱ ማዶ። ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ጣቱን እያስኬደ፣ መንገዱን፣ ዋዜማውን፣ በዓሉን፣ መመለሻውን አንድ በአንድ አሳየኝ። ሰነፍ ጎረቤት በሚበደርበት ቅለት «አንድ ሁለት ቀን ልጨምር?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አይ፣ ቆጠራ አለ» አለኝ። የመድኃኒት ቤቷ ባልደረባው እንደምትተካው አስቀድሞ አነጋግሯታል፤ ርክክቡንም ጨርሰዋል።

የተየብኩት ደብዳቤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም ነበር። ጉዳዩ፣ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፤ ሥራ የምገባው በዚህ ቀን። በእኔ ምትክ እገሊት ትሠራለች፤ ርክክብ ተፈጽሟል። በባለሱቁ ስልክ እገኛለሁ። ፊርማ። እኔን ባዶነቱ ቆረቆረኝ። «አባትህን አንድ መስመር እናስገባቸው?» አልኩት።

አሁን አስተማሪው እሱ ሆነ። «ትመልሰዋለች!» አለና ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን ከፌስታሉ ውስጥ ያንን ረጅሙን ደብዳቤ መልሶ ሲከት አይቼዋለሁ። «እሱን ምን ልታደርገው ነው?» ስለው በሩን አልፎ ነበር።

ፈቃዱ ያለ ቀይ እስክሪብቶ ተፈቀደ።

በበዓሉ ዕለት ኃላፊዋ ወደ ሱቃችን መጣች፤ ፊቷ በላብ ርሶ ነበር። ጤና ጣቢያው መብራት ጠፍቶበታል፣ ክትባቱ ወደ በረዶ ሳጥን መዛወር አለበት፣ ሳጥኑ ግን መጋዘኑ ውስጥ የለም። «ርክክቡ ላይ ‹በውሰት የወጣ› ይላል። ለማን? እንጃ! ስልኬ ደግሞ ካርድ ጨርሷል።» ሐጂ ስልካቸውን አቀበሏት። ባለሱቁ ጋ ደወለች። ተቀመጥን። ከተራራው ማዶ አንድ ልጅ በእርሻው መሐል ሲሮጥ በሐሳቤ አየሁት። ስልኩ መልሶ ጮኸ።

«ሳጥኑ እዚሁ ከተማው ዳር፣ ቱላ አካባቢ ያለው ጤና ኬላ ነው» አለች ስልኩን ዘግታ። «ለዘመቻ አውሷቸው ኖሯል። ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እኔም ‹መልካም ፍቼ› አልኩት። ልምጣ ሲለኝ ደግሞ ‹እዚያው ሁን! ከመጣህ ደመወዝህን እቆርጣለሁ› ብየዋለሁ።» ጃንጥላዋን አንሥታ ሮጠች። ሳጥኑ በሰዓቱ መድረሱን ማታ ሐጂ ነገሩኝ።

ሰውየው በጻፈው ቀን ተመልሶ ሥራ ገባ። ከሥራ ሲወጣ በእኛ በኩል አለፈ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቡርሳሜ፣ በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ይዞልን መጥቶ ነበር፤ ቅቤው ቅጠሉን አልፎ ይሸታል። ሐጂ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሰጡኝ።

«ደገፍካቸው?» አልኩት።

«ደገፍኳቸው። አባቴ ፊት፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ፣ ልጄ ከኋላችን። ከሁሉቃው ሥር ስናልፍ ክብደታቸውን ሁሉ እኔ ላይ ጣሉት።» ቀጥሎም፣ «ማታ ላይ ደግሞ ያንን ረጅሙን ደብዳቤ አወጣሁና በሲዳምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ወንዙንም፣ ትከሻቸውንም፣ መድኃኒቱንም። አንድ ቃል አልዘለልኩም።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁ። ‹ይህን ሁሉ ለእኔ መንገር ሲገባህ ለአለቃህ ነው የጻፍከው?› አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብለው ከትራሳቸው ሥር አስገቡት።»