«አንመጣም» ብላችሁ ጻፉልን

ሲፈን ጥያቄ አያልቅባትም። እኔ ደግሞ ጥያቄ አልወድም። እንዲህ የማንመሳሰል ሁለት ሰዎች በአንድ ባንኮኒ ዙሪያ ምን አገናኘን ካላችሁ፣ ባዶ ጠረጴዛ ነው።

ሙሉእመቤት እባላለሁ። ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግሁ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሃያ ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ሲፈን በይርጋጨፌ በኩል ያለችው የኢዲዶ ልጅ ናት። አባቷ ጓሯቸው ውስጥ ቡና አላቸው፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ እኔ ጋ ስልክ ልታነሳና ጠረጴዛ ልትመዘግብ ገባች። ገና በመጀመሪያው ቀን «እትዬ ሙሉ፣ ሰው ጠረጴዛ አስይዞ ለምን ይቀራል?» አለችኝ።

«ባለጌ ስለሆነ» አልኳት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም!»

ብናደድም አይፈረድብኝም። አምና በዩኒቨርሲቲው ምርቃት ቀን ስድስት ጠረጴዛ ሰው ሳይቀመጥበት ዋለ። ያስያዙት ይመጣሉ ብዬ ከበር የመለስኳቸው ቤተሰቦች ልጃቸውን ከነጋዋኗ ይዘው ዝናብ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። የገዛሁት ሥጋ ተረፈ፤ ለዕለቱ የጠራኋቸው አስተናጋጆች ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ቀብድ ማስከፈል ጀመርኩ፤ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ሺሕ ብር። ቀብድ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ቡና የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። ላስያዘ ሁሉ በስልክ የምንልከውን ማረጋገጫም በገዛ እጄ ጻፍኩት፦

«ማሳሰቢያ፦ በሰዓቱ ካልተገኙ የከፈሉት ብር 1,000 ተመላሽ አይደረግም። ቅሬታ አንቀበልም።»

ቆንጆ አድርጌ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ሰው ግን ብሩንም እያስያዘ ይቀር ጀመር፤ ሌላው ደግሞ መልእክቱን አይቶ ጭራሽ ሌላ ቤት ሄደ። ቢቸግረኝ ለሲፈን ቁርጡን ነገርኳት። «እስከ ሐምሌ ምርቃት እናያለን። ያን ቀን እንደ አምናው ከሆነ ጠረጴዛ ማስያዝ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ያንቺም ደመወዝ ከየት ይመጣል?» አልኳት። ፊቷ ጭልም አለ። ታናሽ ወንድሟን ዲላ አምጥታ የምታስተምረው እሷ ናት፤ የቤቱ ኪራይም ትከሻዋ ላይ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ወይ ያኮርፍ ነበር። እሷ ግን በማግስቱ የቀሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዛ «ሄጄ ልጠይቃቸው?» አለችኝ።

«ምን ብለሽ?»

«ለምን እንደቀሩ።»

«ወይ ጉድ! ሄደሽ ተሰደቢያ» አልኳት። ሄደች። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በአውቶቡስ ይርጋጨፌ ድረስ ወርዳ ሳዳም የሚባለውን ነጋዴ አገኘችው። እሱ አምና አስይዞ ከቀሩት አንዱ ነው፤ ዘንድሮም ለእህቱ ልደት ቀብድ ከፍሎ አልመጣም። አልሰደባትም፤ ሻይ ጋበዛት እንጂ።

«ያቺ መልእክታችሁ ስትደርሰኝ የፍርድ ቤት መጥሪያ መስላኝ ነበር» አላት። «ቀኑ ሲደርስ እንግዶቼ ቀሩ። ልደውል አልኩና ምን ልበል? ታመምኩ ብል ውሸት፣ ሰው አጣሁ ብል ውርደት። አፈርኩ። ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ።»

ሀኒ የምትባል መምህርትም ጋ ሄደች። መልሷ ያው ነው፤ አፍሬ ነው። አምስት ሰው ጠየቀች፤ አራቱ አፍረን ነው አሉ። አምስተኛው ረስቶት ነበር።

ሲፈን ስትመለስ ዓይኗ ያበራል። «እትዬ ሙሉ፣ ባለጌዎች አይደሉም! ይሉኝታ ይዟቸው ነው። አንመጣም ማለት ከመቅረት ይልቅ ይከብዳቸዋል። የእኛ መልእክት ደግሞ ካልመጣችሁ ወዮላችሁ ይላል እንጂ ላለመምጣት ምን ማድረግ እንዳለባቸው አይነግራቸውም።»

እኔ በበኩሌ በሃምሳ ዓመቴ እንዲህ አስቤው አላውቅም። ግን ይህን ለእሷ መንገር አልፈለግሁምና «እስቲ አንቺ ጻፊው» ብቻ አልኳት።

የመጀመሪያው ሙከራዋ ማር ማር ይል ነበር። «ውድ ቤተሰባችን፣ መምጣትዎን በናፍቆት እንጠብቃለን፤ ቤቱ የእርስዎ ነው» ምናምን። ስለ ቀብዱ ከታች በአንዲት መስመር «እንደ ደንቡ ይስተናገዳል» ትላለች። የቱ ደንብ? በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ ሳይመጡ ቀርተው በነጋታው ብራቸውን ሊወስዱ መጡ። «ቤቱ የእርስዎ ነው ብላችሁ ጽፋችሁ የለ እንዴ!» ብለው እስከ ኩሽና ድረስ ጮኹብኝ። ምን ልበላቸው? አይመለስም ብለን አልነገርናቸውማ። መለስኩላቸው። ሲፈንን ደግሞ ልክ ልኳን ነገርኳት።

ሁለተኛውን ስትጽፍ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ብሩን ሁሉንም አስቀመጠች። ግን ደግነቷ አያርፍም። እዚህ አገር ለቅሶ ከሆነ ሁሉ ነገር ይቀራል፤ ሠርግም ቢሆን ይገፋል። እሷም ይህን አስባ «ለቅሶ ከገጠመዎ ገንዘብዎን እንመልሳለን» ብላ ጨመረችበትና ለወይዘሮ አልጣሽ ላከችው። ወይዘሮ አልጣሽ ከፍስሐ ገነት ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ልትመረቅ ነው።

አምስት ደቂቃ አልቆየም ስልኩ ጮኸ። እኔ አነሳሁት።

«የምን ሟርት ነው?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ልጄ ልትመረቅብኝ ነው፣ እናንተ ለቅሶ ትልኩልኛላችሁ?»

«በስማም! ይቅርታ እማዬ፣ አፉ በሉን» ብዬ ስልኩን እንደያዝኩ ከወንበሬ ተነሳሁ። ስዘጋው ወደ ሲፈን ዞርኩ፤ ልጮህ ነበር። እሷ ግን እንባዋ መጥቶ «እኔኮ እንዳያፍሩ ብዬ ነው» አለች። ያኔ አሳዘነችኝ። ቁጣዬ ግን አፌ ላይ ቀረ እንጂ አልጠፋም።

ማታ ሳንዘጋ፣ ገና መብራት እንደበራ፣ ወረቀት ይዛ ጎኔ ተቀመጠች። «ምክንያት ጽፌ ስሰጣቸው ነው የተበላሸው» አለች። «ለቅሶ ብል ሟርት ነው፣ ሕመም ብል ሟርት ነው። ምክንያቱን ራሱን ባንጠይቅስ?»

«ሳንጠይቅ እንዴት ይሆናል?»

«ቀኑን እናስቀምጣለን። ከዚያ ቀን በፊት የነገረን ሁሉ ብሩን ይወስዳል፤ ለምን አንለውም። ከዚያ በኋላ ግን ለማንም አይመለስም። ለምን እንደማይመለስም እንነግራቸዋለን።»

«ለምንድነው የማይመለሰው?» አልኳት ልፈትናት።

«ሥጋውን ዐርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ ስለሚገዙ።»

እውነቷን ነው። ያን ማታ አብረን እየሰረዝን እየደለዝን፣ ከአስያዦቹ ለአንዱ ለአቶ መላኩ የጻፍነው ይህ ነው፦

«እንኳን ደስ አለዎት፣ አቶ መላኩ። ቅዳሜ ሐምሌ 12 ከቀኑ ሰባት ሰዓት ለስምንት ሰው ጠረጴዛ ይዘንልዎታል። የላኩት 1,000 ብር ቀብድ ደርሶናል፤ ከምሳው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። ሐሳብ ቢቀይሩ እስከ ዐርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይደውሉ ወይም ‹አንመጣም› ብለው ይጻፉልን፤ ምክንያት አንጠይቅም፣ ብሩን በሙሉ እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ የእርስዎን ምግብ መግዛት ስለምንጀምር ቀብዱ አይመለስም። ጠረጴዛውን እስከ ሰባት ተኩል እናቆያለን፤ መንገድ ላይ ከዘገዩ ይደውሉልን። ሲፈን ነኝ፤ ይህ ስልኬ ነው።»

«ስምሽን ለምን ጻፍሽ?» አልኳት።

«ለምግብ ቤት መደወል ያሳፍራል፤ ለሲፈን መደወል ግን አያሳፍርም።»

ሃያውንም ጠረጴዛ ላስያዙት ላክን፤ ለወይዘሮ አልጣሽም እንደገና። እሳቸው «ይሁን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ጻፉ። እኔ ግን እስከ ዐርብ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ዐርብ ከሰዓት በፊት ስልኩ ጢው አለ። «አንመጣም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አንመጣም፣ ይቅርታ።» አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሰባት ደረሱ። ጭንቅላቴን ይዤ «ገደልሽኝ! ያልነበረውን መቅረት አስተማርሻቸው!» አልኳት።

ሲፈን ሳቀች፤ በዚያ ሰዓት መሳቋ ይባስ አናደደኝ። «እትዬ ሙሉ፣ እነዚህኮ አምና ቢሆን ስልካቸውን ዘግተው የሚቀሩ ነበሩ። ዘንድሮ ዛሬውኑ ነገሩን።» ጠረጴዛ አጥተው ስልካቸውን የተዉትን ከደብተሯ አውጥታ መደወል ጀመረች። እስከ ምሽት ሰባቱም ጠረጴዛ ሰው አገኘ። የሰባቱን ሰዎች ቀብድ ስመልስ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እጄ ከበደኝ። ከመካከላቸው አንዱ «እውነት መለሳችሁት?» ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። ጋዋን፣ አበባ፣ ጭብጨባ፣ ክትፎና ቆጮ። ከሃያው አንድ ብቻ ቀረ፤ አቶ ቦና የሚባሉ ሰው። ሰባት ተኩል አለፈ። ስልኩን ልቀማት ስል ሲፈን ቀደመችኝና ደወለች። «አቶ ቦና፣ ሲፈን ነኝ። ደህና ናችሁ?» አለች። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

ሰውየው ሌላ ዘመድ ቤት ምሳ ተይዘው ሳይደውሉ ቀርተው ነው። «ቀብዴ ቀረ አይደል?» አሉ። «ጽፋችሁልኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» አልጮኹ፣ አልተሳደቡ። ጠረጴዛውን በር ላይ ቆሞ ለነበረ ቤተሰብ ሰጠነው። እኔ ጠብ ለምጄ ስለነበር የማደርገው ጠፍቶኝ ወደ ኩሽና ገባሁ።

ማታ ሲፈን «ደህና ይደሩ፣ እትዬ ሙሉ» ብላ ሄደች። አቀፈችኝ፤ ስለደከመች መሰለኝ። እሑድ ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት ግን እስክሪብቶዋ የለም፣ ከባንኮኒው ሥር የምታስቀምጠው ነጠላ ጫማዋም የለም። ደብተሩ ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮዎች በንጹሕ ጽሑፍ ተገልብጠዋል፤ ሌላ ሰው እንዲያነበው። እስከ ሐምሌ እናያለን ብያት ነበር። ሐምሌ መጣ፣ ቤቱ ሞላ፣ እኔም ምንም አላልኳትም። ጎበዝ እንኳ አላልኳትም። ሥራዋ ያበቃ መስሏት ተሰናብታኝ ኖሯል።

መደወል አፈርኩ። አዎ፣ እኔ! ስለዚህ ጻፍኩ።

«ሲፈን፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ወንበርሽን ይዘንልሻል። ደመወዝሽ ይጨመራል። ካልመጣሽ»

እዚያ ላይ ቆምኩ። ካልመጣሽ ምን? ብዙ ጊዜ ጻፍኩ፣ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። የምይዝባት ቀብድ አልነበረኝም፤ የሚቀርብኝ እኔ ነኝ። በመጨረሻ «ካልመጣሽ በጣም አዝናለሁ» ብዬ ላክሁት። በዕድሜዬ ለማንም ጽፌው የማላውቀው ቃል ነው።

መልሷ ወዲያው መጣ።

«እመጣለሁ፣ እትዬ ሙሉ። ግን እንደዚህ መጻፍ ማን አስተማረዎት?»