የሳሙና ጠርሙስ ስቲከር ብቻ

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ዲዛይነሯን ከሥራ ሲያሰናብታት የተናገራት ቃል እንደ እሾህ ልቧ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። «ሂጂ! የኔ ስም ከላይሽ ከተነሣ ማን ያምንሻል?» ነበር ያላት፣ ያውም ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። አንገቷን ደፍታ ወጣች። በልቧ ግን «ይህችን ቃልህን ካላስዋጥኩህ!» ብላ ዛተች።

የፍሪላንስ ሥራ በሚገኝበት ድረ ገጽ ላይ ፕሮፋይል ከፈተች። አርማ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሠርግ ካርድ፣ ትየባ፣ ትርጉም፤ የምትችለውንም የማትችለውንም ደረደረችው። ዝር ያለ ሰው የለም።

ታናሽ እህቷ ገጹን አይታ በሳቅ ፈረሰች። «እቴ፣ ይሄ ፕሮፋይል ነው ወይስ ሱቅ በደረቴ?»

«የቸገረው ሁሉን ይሞክራል።»

«ጥርስም ጎማም እጠግናለሁ ለሚል ሰው አፍሽን ትከፍቺለታለሽ? አዲስ ነሽ፤ የሚመሰክርልሽ ደንበኛ የለሽም። አንድ ነገር ያዢና ሥራሽ ይመስክር።»

አሰበችበት። በማተሚያ ቤቱ የፈሳሽ ሳሙና ስቲከር ሁሉ የሚመጣው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የትኛው ወረቀት እንደሚላጥ፣ ጽሑፍ በጠርሙሱ ክብ ላይ ዞሮ የት እንደሚጠፋ ታውቃለች። የጻፈችውን ሁሉ ደመሰሰችና «በቤታቸው ፈሳሽ ሳሙና ለሚያመርቱ፣ እርጥበት የማያበላሸው፣ ጽሑፉም በጠርሙሱ ክብ ላይ ዞሮ የማይጠፋ ስቲከር እነድፋለሁ፤ የሚታተምበትንም ወረቀት እነግራለሁ» ብላ ተካችው።

የሥራ ናሙና መለጠፍ ላይ ስትደርስ ግን ቂሟ ገነፈለ። የቀድሞ ጌታዋ ያተመውን የተላጠ ስቲከር ከነማተሚያ ቤቱ ስም ለጠፈችና ከጎኑ እሷ ያቃናችውን አስቀመጠች።

«አንሺው!» አለች እህቷ። «ያየ ደንበኛ ነገ የኔንም ጉድ ታወጣዋለች አይልም? ደግሞ ያ ሥራ የሰው ንብረት ነው።»

«ይዋረዳ!»

«ልታዋርጂው ከፈለግሽ ደንበኛ አግኚ።»

ጥርሷን ነክሳ አነሣችው። «ፈጣሪዬ፣ ምላሴን ያዝልኝ፤ እጄን ግን ፍታልኝ» ብላ ጸለየችና የሌሉ ሳሙናዎች ስም ፈጥራ ስቲከር ሠራችላቸው። ጠርሙስ ላይ ለጥፋ፣ ውኃ ውስጥ ነክራ ፎቶ አነሣቻቸው። ከሥራቸውም «ለናሙና የተሠራ» ብላ በግልጽ ጻፈች።

አንዲት ሳሙና አምራች መልእክት ላከችላት። «ሌላው ሁሉ ቆንጆ እሠራለሁ ይላል። ስለ ጠርሙሴ ክብ የጻፍሽው አንቺ ብቻ ነሽ።» የተሠራላትን ስቲከር በወደደችው ጊዜ በገጹ ላይ ምስክርነቷን ጻፈችላት። እሱን አይተው ሌሎች ተከተሉ፤ ከነሱም መካከል የቀድሞ ጌታዋ ዘንድ ያሳትሙ የነበሩ ይገኙ ነበር። ይሄ እንደ ማር ጣፈጣት።

አንድ ቀን እሱ ራሱ ጻፈ። «እህቴ፣ እንደምን ነሽ? ሳሙና አምራች ደንበኞቼ ሸሹብኝ። ያለፈውን እንርሳና የስቲከሩን ሥራ አንቺ ያዢልኝ።»

ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ለማንኛውም እንግዳ እንደምትጽፈው አድርጋ መለሰች፦ «ጤና ይስጥልኝ። ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ። የጠርሙሱን ልክና ፎቶ ይላኩልኝ። ከእርስዎ በፊት ተራ የያዙ ስላሉ በትዕግሥት ይጠብቁ።»

እህቷ በትከሻዋ አሻግራ አነበበችና «ውይ፣ አንቺ ጨካኝ!» አለች።

«ምን አልኩት? አክብሬው እኮ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ የጠርሙሱ ፎቶ መጣ። ከወረፋው መጨረሻ አስገባችውና፣ «ተመስገን» ብላ ወደ ያዘችው ሥራ ተመለሰች።